አምስቱ ያዘዙት

ፓስተር ታደሰ ኩላሊታቸው ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ እልሃቸው ግን አንድም ቀን ታሞ አያውቅም። ልጃቸው ሚልክያስ በሳምንት ሦስት ጠዋት ሳን ሆዜ ካለው ቤቱ ያሳፍራቸውና፣ ቦታ የተገኘው እዚያ ብቻ ስለነበር፣ ኒውአርክ መጋዘኖቹ መሀል ወዳለው የዳያሊሲስ ማዕከል ይወስዳቸዋል። ማሽኑ ደማቸውን አጥቦ እስኪጨርስ ድረስ አጠገባቸው ተቀምጦ፣ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ዘርግቶ የመሥሪያ ቤቱን ሥራ ይሠራል። አለቆቹ ቤቱ ሆኖ የሚሠራ ይመስላቸዋል።

ሚልክያስ አንድ ኩላሊቱን ሊሰጣቸው ይፈልጋል። ተመርምሯል፣ ኩላሊቱ ለአባቱ ይስማማል ተብሏል፣ ሆስፒታሉም የራሱን ጨርሶ ቀን ቁረጡ ብሏል። እምቢ ያሉት እሳቸው ናቸው። ለሐኪሙ «ልጄ ትንንሽ ልጆች አሉት» ብለው አለፉት። ለሚልክያስ ግን አንድ ቀን መኪና ውስጥ እውነቱን ነገሩት።

እውነቱ ቤተ ክርስቲያኒቱ ናት። ኦክላንድ፣ አፕታውን ከሚባለው ሰፈር ትንሽ ወጣ ብላ ያለችውን የአማርኛ ጉባኤ ፓስተር ታደሰ ሳሎናቸው ውስጥ ጀምረው ነው ለአዳራሽ ያበቋት። ከእሳቸው በኋላ ማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ሕዝቡን ለሁለት ከፍሎታል። ግማሹ ሚልክያስ ይላል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚሰብክ፣ «ትንሹ ፓስተር» እየተባለ ያደገ ነው። ግማሹ ኩምሳ ይላል፤ ኩምሳ የፓስተሩ ረዳት ነው፣ ቀን መጋዘን ይሠራል፣ ሰው ታመመ ሲባል ከአምቡላንስ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ኮንኮርድ ያሉት ቤተሰቦች ደግሞ ውሳኔው ካልጣማቸው የራሳቸውን ሊከፍቱ አዳራሽ እያዩ ነው ይባላል። የእኛ ሰው አዳራሽ ማየት ከጀመረ ነገሩ ምን ያህል እንደገፋ ለሚያውቅ መንገር አያስፈልግም።

«ኩላሊትህን ወስጄ መድረኩን ብሰጥህ፣ በኩላሊቱ ገዛው ይሉሃል» አሉት አባቱ። «ኩላሊትህን ወስጄ ለኩምሳ ብሰጥ ደግሞ እኔ ምን ዓይነት አባት ነኝ? ስለዚህ አልወስድም። የማንም ውለታ ሳይኖርብኝ ነው መምረጥ ያለብኝ።»

«ሞተህ ነው የምትመርጠው?»

አባቱ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሚልክያስም ከዚያ በላይ አልገፋበትም፤ ምክንያቱም መድረኩን እንደሚፈልገው ሁለቱም ያውቃሉ። የአባቱን ሕይወት ይፈልጋል፣ የአባቱን ቦታም ይፈልጋል። የትኛውን አስቀድሞ እንደሚፈልግ ራሱን ሲጠይቅ መልሱ ቶሎ አይመጣለትም፤ ይህም ያሳፍረዋል።

ማዕከሉ ውስጥ ከፓስተሩ ቀጥሎ ያለው ወንበር የአቶ ጉርዲያል ሲንግ ነው። አቶ ጉርዲያል ፑንጃብ ውስጥ ጃላንዳር በምትባል ከተማ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው፣ አሁን ፍሪሞንት ሴት ልጃቸው ዘንድ ጡረታቸውን የሚያሳልፉ የሲክ ሃይማኖት ተከታይ ናቸው። ጥምጣማቸው ሁልጊዜ ሰማያዊ ነው፣ ጺማቸው ነጭ። ፓስተር ታደሰ በመጀመሪያው ወር ወንጌል ሊነግሯቸው ሞክረው ነበር። አቶ ጉርዲያል በአክብሮት አዳምጠው፣ «በጣም ጥሩ ነው» ብለው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ከዚያ በኋላ ወዳጆች ሆኑ።

አንድ ሰኞ ፓስተሩ በዚያ ቀስ ባለ እንግሊዝኛቸው፣ «የእናንተ የሁሉም የበላይ አሁን ማነው?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ከየት እንደመጣ ሚልክያስ ገብቶታል፤ ዓይኑን ላፕቶፑ ላይ ተክሎ ጆሮውን ሰጠ።

«ጉሩ ነዋ፣ መምህራችን» አሉ አቶ ጉርዲያል።

«ስማቸው ማነው?»

«መጽሐፍ ነው።»

«መጽሐፍማ እኛም አለን። ሰውየውን ነው የምጠይቅዎት።»

«ሰው የለም። አሥር ሰዎች ነበሩ፤ ከዚያ ቆመ። እናንተ መጽሐፉን ታነቡታላችሁ። እኛ ዘንድ ጉሩው ራሱ ነው። ጠዋት ይከፈታል፣ ማታ በክብር ወደ ማረፊያው ይወሰዳል፣ ጉርድዋራ ወደሚባለው የጸሎት ቤታችን የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ለእሱ ይሰግዳል። እዚያ የሚያነብልን ሰውዬ አንባቢ ነው እንጂ አለቃ አይደለም።»

ፓስተር ታደሰ ከትራሳቸው ቀና አሉ። «አሥሩ እንዴት እንዴት ተተካኩ?»

ጡረታ የወጣን የታሪክ አስተማሪ እንዲህ ብሎ የጠየቀ፣ ማሽን ላይ ታስሮ ያለ ሰው፣ መልሱን ሳይጨርስ አይነሳም። አቶ ጉርዲያል ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ጀመሩ። የመጀመሪያው ጉሩ ናናክ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት። ጭቃ የሚንጠባጠብበትን እርጥብ የሣር ሸክም ለከብቶቹ ተሸከሙ ቢላቸው ልጆቹ ልብሳችን ይበላሻል አሉ፤ ለህና የሚባለው ደቀ መዝሙር ግን አንሥቶ ራሱ ላይ አደረገው። ናናክ በመጨረሻ ልጆቹን አልፎ ለህናን መረጠው፤ ስሙንም አንጋድ፣ «ከአካሌ የወጣ» አለው። ከዚያ ጌታው ለአገልጋዩ ሰገደለት።

«ሰገደለት?» አሉ ፓስተሩ።

«ግንባሩን ዝቅ አድርጎ። ምክንያቱም እኛ አሥር ጉሩ አንልም፤ አንድ ብርሃን ነው፣ ከመብራት ወደ መብራት የተላለፈ። ኋላ የመጡትም መዝሙር ሲጽፉ ናናክ እያሉ ነበር የሚፈርሙት።»

ሁለተኛውም የራሱን ልጆች አልፎ፣ በስተርጅና መጥቶ ሌሊት ሌሊት ውኃ ይቀዳለት ለነበረው አማር ዳስ ሰጠ። የተዘለለው ልጅ ተናዶ መጣና ሽማግሌውን በተቀመጠበት በእግሩ ረገጠው። አማር ዳስ የልጁን እግር ይዞ፣ «አጥንቴ ደረቅ ነው፣ አመመህ እንዴ?» አለው። ይኸው አማር ዳስ ነው ሕዝቡ እየበዛ ሲመጣ አገሩን በየአውራጃ ከፋፍሎ ተጠሪ ያቆመ። ሊያየው የመጣ ሁሉ፣ ባለሥልጣንም ቢሆን፣ መጀመሪያ ከሕዝቡ ጋር መሬት ተቀምጦ ከአንድ ማዕድ እንዲበላ ያዘዘም እሱ ነው። እሱም ወንዶች ልጆቹን ተወና ለአማቹ ለራም ዳስ አስረከበ።

ሚልክያስ ጥርሱን ነከሰ። ሦስት አባቶች ተራ በተራ ልጆቻቸውን ሲዘሉ መስማት ለእሱ ደስ የሚል ወሬ አይደለም።

«አራተኛውስ?» አለ፣ ሳያስበው።

«አራተኛው ለልጁ ሰጠ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ከአንድ ቤተሰብ ናቸው።»

«ይኸው!» አለ ሚልክያስ በአማርኛ፣ ወደ አባቱ ዞሮ። «ሞክረው ሞክረው መጨረሻ ላይ ወደ ቤተሰብ ነው የመጡት፣ አባዬ።»

አቶ ጉርዲያል አማርኛ ባይሰሙም ፊት ማንበብ ያውቃሉ። «ለታናሽየው ነው የሰጠው» አሉ ቀስ ብለው። «ለአርጃን። የበኩር ልጁ ፕሪቲ ቻንድ እኔ ነኝ ጉሩ ብሎ የራሱን ጉባኤ ከፈተ፣ የራሱን መባ ሰብሳቢ ላከ፣ የራሱን መዝሙር አስገጠመ። ለዚህም ጭምር ነው አርጃን እውነተኛዎቹን መዝሙሮች ሰብስቦ መጽሐፉን ያዘጋጀው።»

ሚልክያስ ወደ ላፕቶፑ ተመለሰ።

ረቡዕ ቀጠሉ። አርጃን በአገሩ ንጉሥ ትእዛዝ ላሆር ላይ ተሠቃይቶ ሞተ። ልጁ ሃርጎቢንድ ሁለት ሰይፍ ታጠቀ፤ አንዱ ለመንፈሳዊው ሥልጣን፣ አንዱ ለዓለማዊው። አምሪትሳር ካለው ቤተ መቅደሳቸው ፊት ለፊት ዙፋን መሰል ከፍታ ሠርቶ ሕዝቡ ክርክሩን እዚያ እንዲያመጣ አደረገ። «የምንጸልይ ብቻ አልነበርንም ከዚያ በኋላ» አሉ አቶ ጉርዲያል። «የምንፈርድና የምንዋጋም ሆንን።» ሰባተኛው የልጅ ልጁ ሃር ራይ ነው። ስምንተኛው ሲሾም የአምስት ዓመት ሕፃን ነበር፤ ዴልሂ ላይ በፈንጣጣ ሲሞት ተተኪውን በስም መጥራት አልቻለም፤ «ባባ፣ ባካላ» ብቻ አለ። ሽማግሌው ባካላ መንደር ነው ማለቱ ነው።

«እና ምን ሆነ?»

«ባካላ ውስጥ ሃያ ሁለት ሰው ምንጣፍ ዘርግቶ ጉሩ ነኝ አለ።»

ፓስተር ታደሰ ሳቁ፤ ማሽኑ ጮኸና ነርሷ መጥታ አረጋጋቻቸው። «እኛ ጋ እስካሁን ሦስት ነው» አሉ። «ኮንኮርድን ጨምሮ።»

እውነተኛው ቴግ ባሃዱር መሆኑ የኋላ ኋላ ታወቀ። እሱንም ዴልሂ ላይ አንገቱን ቆረጡት። ልጁ ጎቢንድ አሥረኛው ነው፤ ሲቀመጥ ሁለት ነገር ጠበቀው፤ ውጭ የንጉሥ ጦር፣ ውስጥ ደግሞ እነዚያ ተጠሪዎች። በአማር ዳስ ዘመን የተጀመረው ሥራ ከአባት ወደ ልጅ እየወረደ፣ መባውን የሚበሉ ትንንሽ ጌቶችን አፍርቶ ነበር። ጎቢንድ ሻራቸው። ሕዝቡ ያለ አማላጅ በቀጥታ የእኔ ነው አለ።

«ከዚያ በ1699 በፀደዩ በዓል ሕዝቡን ሁሉ ሰበሰበ» አሉ አቶ ጉርዲያል፣ ክፍል ውስጥ እንደቆመ ሰው ድምፃቸው ከፍ ብሎ። «ሰይፍ መዘዘና ራሱን የሚሰጠኝ ማነው አለ። ብዙው ሰው ደነገጠ፣ አንዳንዱ ሸሸ። አንድ ሰው ተነሣ፤ ወደ ድንኳኑ ይዞት ገባ፣ ሰይፉ ደም ነክቶት ወጣ። ሌላ አለ። አምስት ሰው እስኪሞላ። አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ ገበሬ፣ ውኃ ቀጂ፣ ጨርቅ አታሚ፣ ፀጉር አስተካካይ። በአገራችን አብረው ውኃ የማይጠጡ ሰዎች። ከዚያ አምስቱንም በሕይወት አወጣቸው፣ በብረት ሳህን ውኃና ስኳር በሰይፍ አማስሎ ከአንድ ሳህን አጠጣቸው፣ ሲንግ፣ አንበሳ፣ አላቸው። ካልሳ የሚባለው ማኅበር ያኔ ተወለደ። እሱ ግን በዚያ አላበቃም። ተንበረከከና፣ አሁን ደግሞ እናንተ እኔን አጥምቁኝ አላቸው።»

ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ከአውራ ጎዳናው መውጫቸው ሲቃረብ፣ ፓስተር ታደሰ «እሁድ አደርገዋለሁ» አሉ። «ተተኪ አልሰይምም። አምስት ሰው ይነሣል፣ እነሱ ከመጽሐፉ ጋር ይመራሉ። እኔ እንበረከክላቸዋለሁ፣ እጃቸውን ይጭኑብኛል። ከየት እንዳመጣሁት አልናገርም፤ ቅር የሚለው አይጠፋም። እግር ማጠብ ከተጻፈልን ይህም አይከብደንም።»

«እኔስ?» አለ ሚልክያስ።

«አንተም እንደ ማንም መነሣት ትችላለህ። ብትነሣ ደስ ይለኛል።»

ይህን ሲሰማ ደስ አለው። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ በጣም ነው ደስ ያለው። ኩላሊቱን አንሥቶ ሲጠይቃቸው ግን፣ «እሱ ያው ነው» አሉት። «አምስት ውስጥ ከገባህማ ጭራሽ አይሆንም።»

አርብ አባቱ ማሽኑ ላይ ገና ከመውጣታቸው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል። ሚልክያስ ላፕቶፑን ዘጋና ወደ አቶ ጉርዲያል ተጠጋ። «ጎቢንድ ከተንበረከከ በኋላ ምን ሆነ?» አላቸው። «እንዲያው ለሥርዓቱ ነው ወይስ የእውነት ከሥራቸው ሆነ?»

አቶ ጉርዲያል ጥያቄውን ወደዱት። «ያንን ያወቅነው ቻምኮር ላይ ነው» አሉ። «ከአምስት ዓመት በኋላ ገደማ። በጭቃ ምሽግ ውስጥ ከአርባ ሰው ጋር ተከበበ። ሁለት ትልልቅ ልጆቹ ዓይኑ እያየ ወጥተው ተዋግተው ሞቱ። ሲመሽ የቀሩት ጥቂቶች አንተ ውጣ፣ አንተ ከሞትክ ሁሉም ያልቃል ብለው ለመኑት። እምቢ አለ። ልጆቼ በሞቱበት እሞታለሁ አለ። ቢለምኑት ቢለምኑት እምቢ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ከቀሩት አምስቱ ተነጥለው ቆሙ። ልመናውን ተዉት። እኛ አምስት ነን፣ በካልሳ ስም እናዝሃለን፣ ውጣ አሉት።»

«እሺ አለ?» አለ ሚልክያስ።

«ወጣ። ምን ያደርጋል? ራሱ ነው ሥልጣኑን የሰጣቸው። ደቀ መዝሙር ጉሩን ቢለምነው እምቢ ማለት ይችላል። አምስቱ ሲያዙት ግን፣ እምቢ ካለ ያ ሁሉ መንበርከክ ጨዋታ ነበር ማለት ነው። አራቱም ልጆቹ አለቁ። በ1708 ናንዴድ ላይ ሊሞት ሲል ሰው አልሰየመም፤ መጽሐፉን አስቀምጦ ሰገደለት። ቃሉ በመጽሐፉ ውስጥ፣ አካሉ በሕዝቡ ውስጥ። ከዚያ በኋላ በስደቱ ዘመን፣ እያንዳንዱ የጦር ቡድን የራሱ አለቃ ቢኖረውም፣ በዓመት ሁለቴ አምሪትሳር ተሰብስበው በመጽሐፉ ፊት ይመክሩ ነበር። በጋራ የተወሰነው የጉሩ ውሳኔ ይባላል፤ ሁሉንም ያስራል። ይጣሉ አልነበረም አልልህም፤ በጣም ይጣሉ ነበር። ኋላ አንዱ አለቃ በርትቶ ንጉሥ ሲሆን ስብሰባውን ተወው፤ ንጉሥ ስብሰባ አይወድም። ግን ሐሳቡን ማንም ሊያጠፋው አልቻለም።»

«ይህን ለአባቴ ነግረውታል?»

«ቻምኮርን? የለም፤ ተኝቷል እኮ።»

ሚልክያስ አባቱን አየ፣ ቱቦውን አየ፣ ተነሥቶ ወጣ። ኩምሳ የሚሠራበት መጋዘን ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ደወለለትና የምሳ ሰዓቱ ላይ መኪና ማቆሚያው ውስጥ አገኘው። ሁለቱ ከመድረክ ውጭ ለብቻቸው ካወሩ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል።

እሁድ ሊሆን የታሰበውን፣ የኩላሊቱንም ነገር ነገረው። ቻምኮርንም ነገረው። ኩምሳ ሳንድዊቹን እንደያዘ ሰማው፣ አልበላም።

«አልገባኝም» አለ ኩምሳ። «ወጥመድ ነው እንዴ?»

«ነው። ለአባዬ።»

«ፓስተርን ማዘዝ? እኔ? አንቱ ብዬ ቀና ብዬ የማላያቸውን ሰውዬ?»

«ብቻህን አይደለም። በአምስት ነው። አንድ ሰው ሲለምነው እምቢ ይላል፤ እኔ ለምኜ ታክቶኛል። ግን ፊታችሁ ተንበርክኮ ሲያበቃ ካዘዛችሁት መውጫ የለውም።»

«አንተ ራስህ ከአምስቱ አንዱ ሆነህ ለምን አታዝዛቸውም?»

ሚልክያስ መልሱን ያውቀው ነበር፣ ግን አፉ ላይ ከበደው። «ሰጪው እኔ ነኝ። አዛዡም እኔ ከሆንኩ ገዛው ነው የሚሉት። እሁድ አልነሣም።»

ኩምሳ ብዙ ነገር ሊል ይችል ነበር። «እስኪ እጸልይበታለሁ» ብቻ ብሎ ሳንድዊቹን ጠቅልሎ ወደ ሥራው ገባ።

እሁድ አዳራሹ ሞልቷል፤ የኮንኮርዶቹም ሳይቀሩ መጥተዋል። ፓስተር ታደሰ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው መድረኩ ላይ ወጡ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ከፍተው አትሮንሱ ላይ አኖሩት፣ ከጎኑም ዞር ብለው ቆሙ።

«ተተኪ አልሰይምም» አሉ። ሕዝቡ አጉረመረመ። «አምስት ሰው እፈልጋለሁ። ደመወዝ የለውም፣ ማዕረግ የለውም። ሕዝቡ ሲጣላ መሀል ገብቶ የሚረገጥ፣ እግርህን አመመህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ። ይህን የሚችል ይነሣ።»

መጀመሪያ ማንም አልተነሣም። ከዚያ እታገኝ ተነሡ፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ከሳሎኑ ዘመን ጀምሮ ያሉ እናት ናቸው። ቀጥሎ ኩምሳ። ከኮንኮርዶቹ መሀል ማንደፍሮ ሲነሣ ሚስቱ እጀታውን ጎተተችው፣ እሱ ግን ሄደ። ሰርፀ፣ የድምፅ ማጉያውን የሚቆጣጠረው፣ ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ መጣ። አራት ሆኑ።

ፓስተር ታደሰ ልጃቸውን አዩት። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየው። ሚልክያስ የፊተኛውን ወንበር ጠርዝ ጨበጠ። ዕድሜውን በሙሉ ሲጠብቀው የኖረው ነገር አሥር እርምጃ ላይ ነው፤ እግሮቹ በራሳቸው ሊነሡ ደርሰው ነበር። አንገቱን ደፋ። አባቱ አሁንም ጠበቁት። ዝምታው በረዘመ ቁጥር ወንበሩን አጥብቆ ያዘ፤ ከኋላ አንዱ «ምነው ፈራ?» ሲል ሰማና ዋጠው። በመጨረሻ ሶልያና፣ የወጣቶቹ መሪ፣ እዚህ ተወልዳ አማርኛዋ የሚሰባበርባት ልጅ፣ «እኔ» ብላ ተነሣች።

ሚልክያስ የአባቱን ፊት ላለማየት ዓይኑን ጨፈነ።

መዝሙር ሲዘመር አምስቱ ከመድረኩ ኋላ ገብተው ተመለሱ፤ ፓስተሩም ቀስ ብለው ተንበረከኩ። አምስቱ እጃቸውን ጫኑባቸው፤ እታገኝ ጸለዩ፤ ሕዝቡ አሜን አለ። ብዙ ሰው አለቀሰ። ሊነሡ ሲሉ ግን የእታገኝ እጅ ትከሻቸው ላይ እንደነበረ ቀረ።

«ፓስተር፣ አሁን ከሥራችን ነዎት፣ አይደል?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እኛ አምስታችን ከመድረኩ ኋላ ጥቂት ተመካክረን ነበር፤ መዝሙር ሲዘመር። አንድ ውሳኔ አለን።» ወደ ኩምሳ ዞሩ።

ኩምሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «ፓስተር፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ታዝዎታለች» አለ። «የልጅዎን ኩላሊት ይወስዳሉ። ልመና አይደለም።»

ፓስተር ታደሰ ተንበርክከው እንዳሉ አንድ በአንድ አዩዋቸው፤ ከዚያ ከትከሻቸው በላይ አልፈው የፊተኛው ወንበር ላይ አንገቱን የደፋውን ልጃቸውን አዩ። ለምን እንዳልተነሣ ያኔ ገባቸው።

«አልወስድም ብልስ?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«Then why did you kneel?» አለች ሶልያና። ታዲያ ለምን ተንበረከኩ ማለቷን ማንም አልተረጎመላቸውም፤ አላስፈለገም።

ፓስተሩ አትሮንሱ ላይ የተከፈተውን መጽሐፍ ቀና ብለው አዩ። ከዚያ፣ «እሺ» አሉ፣ እጃቸውንም ለኩምሳ ሰጡትና አነሣቸው።

በመጨረሻው የዳያሊሲስ ቀናቸው ፓስተር ታደሰ አቶ ጉርዲያልን ተቆጧቸው። «ዋናውን ክፍል ለምን አልነገሩኝም?»

«እርስዎ ተኝተው ነበር» አሉ አቶ ጉርዲያል። «ልጅዎ ነቅቶ ነበር።»

የቀዶ ሕክምናው ጠዋት አባትና ልጅ ተመሳሳይ ሰማያዊ ጋውን ለብሰው፣ መሀላቸው መጋረጃ ብቻ ሆኖ ተኝተው ነበር። ፓስተር ታደሰ መጋረጃውን በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

«መድረኩን አልሰጠሁህም» አሉ።

«አልጠየቅኩህም፣ አባዬ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ጠይቀኸኛል፤ አፍ አውጥተህ ባይሆንም። እኔም ሰምቼሃለሁ። እሁድ ቁጭ ስትል ፈራ ብዬ አዝኜብህ ነበር። ያን ቀን ከሁሉም በላይ የከበደውን የያዝከው አንተ ነበርክ፤ ማንም ሳያጨበጭብልህ።»

የሚልክያስ እንባ ወደ ጆሮው ወረደ። ነርሷ መጥታ ማንን ላስቀድም ብላ ጠየቀች።

«እሱን» አሉ አባቱ። አልጋው ሲንቀሳቀስ ግን እጁን ያዙት፤ በተኙበትም ቀና ብለው ግንባራቸውን ዝቅ አደረጉለት። ነርሷ ምን እንደሆነ ስላልገባት ትራሳቸውን አስተካከለችላቸው።